ፒዲኤፉ ውስጥ ሠንጠረዥ የለም

ደንበኞቻችን የባንክ መግለጫቸውን በፒዲኤፍ ልከው በማግሥቱ በኤክሴል ሲረከቡ፣ ቢሮ ውስጥ አንድ ውድ ሶፍትዌር የቆለፍንበት ይመስላቸዋል። እኛም ዝም እንላለን። እዚሁ በመካከላችን ይቅርና፣ የምንሠራበት ፕሮግራም በነፃ የሚገኝ ነው። ሙያው ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ዓምዶቹ የት ላይ እንደሚለያዩ ራሳችን እንነግረዋለን፤ የሚያወጣልንንም እስኪመሰከርለት ድረስ አናምነውም። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ተዘግቶ የሒሳብ ቢሮዎች በመግለጫ ሲጥለቀለቁ፣ ፈጣን የሚባለው ሠራተኛና እስከ ሌሊት የሚያመሸው ሠራተኛ የሚለያዩት በእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከዓይናችን ነው። መግለጫውን ስንከፍት ቀን፣ ዝርዝር፣ የማጣቀሻ ቁጥር፣ ወጪ፣ ገቢ፣ ቀሪ የሚሉ ስድስት ዓምዶች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ፋይሉ ውስጥ ግን አንድም ዓምድ የለም። አዶቢ ፒዲኤፍን እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ሰነድ በየትኛውም ኮምፒውተርና ማተሚያ ላይ መልኩ ሳይለወጥ እንዲታይ ነው። ስለዚህ ፋይሉ የሚይዘው «እነዚህን ፊደላት ከዚህ ጠርዝ በዚህን ያህል ርቀት ላይ አስቀምጥ» የሚሉ ትእዛዞችን ነው። ሠንጠረዥን ሠንጠረዥ ብሎ የሚያመለክት ውስጣዊ ምልክት መጨመር ይቻላል፤ ነገር ግን በእጃችን ከሚያልፉት የባንክ መግለጫዎች ይህ ምልክት ያለበትን ማግኘት ብርቅ ነው።

ይህን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ፖፕለር ከሚባለው ነፃ የፕሮግራም ጥቅል ጋር የሚመጣውን ትንሽ መሣሪያ ይጠቀም፦

```
pdftotext -bbox statement.pdf out.html
```

የሚወጣው ፋይል እያንዳንዱን ቃል ከነመቀመጫው ይዘረዝራል። ከቼክ ወጪ አንዱ እንዲህ ሆኖ ይታያል፦

```
<word xMin="379.968000" yMin="212.100000"
      xMax="420.000000" yMax="221.100000">22,400.00</word>
```

ቁጥሩ ከገጹ ግራ ጠርዝ 379.968 ነጥብ ላይ ይጀምራል፣ 420 ላይ ያበቃል። አንድ ኢንች 72 ነጥብ ነው፤ የኤ4 ገጽ ወርድ ደግሞ ወደ 595 ነጥብ ይጠጋል። ፋይሉ ስለዚህ ቁጥር የሚያውቀው ይኸው ነው። ወጪ መሆኑን፣ ገቢ አለመሆኑን የሚናገር ነገር የለም። ወጪ ያሰኘው 420 ላይ ማብቃቱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ምስጢር እንምጣ። በዚያው ረድፍ የገቢው ቦታ ባዶ ነው አይደል? ያ ባዶ ሴል ፋይሉ ውስጥ ባዶ ሆኖ እንኳ አልተመዘገበም። ምንም ያልተጻፈበት ቦታ ትእዛዝ ስለማያስፈልገው ጨርሶ የለም። ለዚህ ነው መግለጫውን በኮፒ ፔስት ኤክሴል ላይ ስናወርደው ከማጣቀሻ ቁጥሩ በኋላ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ተከታትለው የሚመጡት፤ የመጀመሪያው ወጪ ይሁን ገቢ አይታወቅም፤ ሁለተኛው ቀሪ ነው። የባንክ መግለጫ ደግሞ በባሕርዩ እያንዳንዱ ረድፍ ላይ ከወጪና ከገቢ አንዱ ባዶ የሚሆንበት ሰነድ ነው። የዓምድ መንሸራተት ከሌላ ሰነድ ይልቅ በእሱ ላይ የሚበረታው በዚህ ምክንያት ነው።

መቀየሪያ ፕሮግራሞች ይህን የጎደለ ነገር በግምት ይሞሉታል። ግምቱ ሁለት ዓይነት ነው። ገጹ ላይ የተሰመሩ መስመሮች ካሉ መስመሮቹን ተከትለው ሴሎቹን ይለያሉ፤ ይህ ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። መስመር ከሌለ ግን ከላይ እስከ ታች ጽሑፍ ያልነካውን ነጭ ክፍተት ፈልገው «ዓምዱ እዚህ ጋ ይለያል» ይላሉ። ብዙ ባንኮች መግለጫቸውን ያለ ቁም መስመር ስለሚያወጡ፣ የእኛ ዕጣ ይህ ሁለተኛው ነው።

ነጭ ክፍተት ሲጠፋ ዓምዶች ይዋሐዳሉ። አንድ ረዥም የዝርዝር ጽሑፍ እስከ ማጣቀሻ ቁጥሩ ጥግ ከደረሰ ሁለቱ አንድ ሴል ይሆናሉ። ይህ ያስቀይማል እንጂ አያታልልም፤ ስታዩት ታውቁታላችሁ። ክፍተት ሲበዛም አንዱ ዓምድ ለሁለት ይሰነጠቃል። ቁጥሮች በቀኝ በኩል ተደርድረው ስለሚታተሙ የ25.00 ብር የአገልግሎት ክፍያ 397 አካባቢ ይጀምራል፣ የሚሊዮን ቁጥር ደግሞ 367 አካባቢ። የግራ ጠርዝን ብቻ የሚያይ ፕሮግራም ሁለቱን የሁለት ዓምድ ልጆች ያደርጋቸዋል። ይህም ቢሆን ይታያል።

አደገኛው ሳይታይ የሚንሸራተተው ነው። ኤክሴል ራሱ በዊንዶውስ የማይክሮሶፍት 365 እትሙ ላይ Data፣ Get Data፣ From File፣ From PDF በሚለው መንገድ ፒዲኤፍ ይከፍታል፤ መጥፎም አይደለም። የሚያሳስበው እያንዳንዱን ገጽ ለብቻው መገመቱ ነው። አራት ገጽ ያለው፣ የዓምዶቹ ርዕስ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ብቻ የታተመ መግለጫ አስቡ። ሦስተኛው ገጽ ላይ እንዳጋጣሚ ተቀማጭ ብቻ አለ፤ ወጪ የለም። እዚያ ገጽ ላይ ፕሮግራሙ የሚያየው አምስት ዓምድ ነው። ገጾቹ ሲያያዙ ደግሞ የሚገጣጠሙት Column4 ከ Column4 እየተባለ ነው። እናም የሦስተኛው ገጽ ገቢ በሙሉ ወጪ ሥር ይገባል፣ ቀሪው ገቢ ሥር ይገባል፣ ስድስተኛው ዓምድ ባዶውን ይቀራል። ወደ ታች እየሳበ የሚያይ ሰው ባዶውን ዓምድ ያገኘዋል። የመጀመሪያውን ገጽ አይቶ «ተስተካክሏል» ያለ ሰው ግን የገባለትን ብር እንደወጣ አድርጎ ይመዘግባል።

መፍትሔው ግምቱን መከልከል ነው። ለዚህ የምንጠቀምበት ታቡላ ይባላል። የሠሩት ማኑኤል አሪስታራን፣ ማይክ ቲጋስና ጄረሚ ሜሪል ናቸው፤ የሠሩትም በፒዲኤፍ የታሰረ መረጃ ላስቸገራቸው ጋዜጠኞች ነው። በመዳፊት እየሳቡ የሚሠሩበት መልክ አለው። ነገር ግን ዓምዶቹን በቁጥር እንድንነግረው የሚፈቅደው በትእዛዝ መስመር የሚሠራው ወንድሙ ነው፦

```
java -jar tabula.jar -t -p all \
  -c 93,278,352,422,492 -o out.csv statement.pdf
```

`-t` ማለት መስመር አትፈልግ ማለት ነው፤ `-p all` ገጾቹን በሙሉ ይላል። ከ `-c` በኋላ ያሉት አምስት ቁጥሮች ስድስቱ ዓምዶች የሚለያዩባቸው ቦታዎች ናቸው፤ የመጡትም ቀደም ብለን ካየነው የ `-bbox` ዝርዝር ነው። ወጪ የሌለበት ገጽ ቢመጣም የወጪው ቦታ ተከልሎ ስለሚጠብቅ ዓምዱ ባዶ ሆኖ ይወጣል እንጂ አይጠፋም። የአርማና የአድራሻ መስመሮችም ተቆራርጠው ከላይ ይመጣሉ፤ እነሱን መሰረዝ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ቁጥሮቹን ስመርጥ ግን የማደርገው አንድ ነገር አለ፤ ከጎኔ የሚቀመጥ ጀማሪ ሁሉ «ለምን?» ይለኛል። ወጪዎቹ 420 ላይ ያበቃሉ። ገቢዎቹ 490 ላይ ያበቃሉ፤ አምስት አሐዝ ያለው ገቢ 450 አካባቢ ይጀምራል። ሰው ሁሉ መሃሉን፣ 435ን ይመርጣል። እኔ የመረጥኩት 422ን ነው። ምክንያቱ በቀኝ የተደረደረ ቁጥር ሲያድግ ወደ ግራ ማደጉ ነው። የቀኝ ጠርዙ አይነቃነቅም፣ የግራ ጠርዙ ግን ብሩ በበዛ ቁጥር ወደ ጎረቤቱ ይገፋል። ስለዚህ ድንበሩ የማይነቃነቀውን ጠርዝ ተጠግቶ መሰመር አለበት፤ ከወጪው ቀኝ ጠርዝ ሁለት ነጥብ ብቻ ራቅ ብሎ። ጽሑፍ ግን የተደረደረው በግራ ስለሆነ ሕጉ ይገለበጣል። ማጣቀሻ ቁጥሩ 280 ላይ የሚጀምር ከሆነ ድንበሩ ከእሱ በፊት፣ 278 ላይ ነው። አስቸጋሪው በማጣቀሻውና በወጪው መካከል ያለው ነው፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ያድጋሉና። እዚያ ጋ ረዥሙን ማጣቀሻና ትልቁን ወጪ ፈልጎ በሁለቱ መካከል ማስመር እንጂ ሌላ ዘዴ የለም።

ይህ የተጋነነ ጥንቃቄ ከመሰላችሁ፣ ለምሳሌ ያዘጋጀሁትን አጭር መግለጫ አብረን እንከተል። ሒሳቡ በ84,250.00 ብር ይጀምራል። በ02/07/2024 15,000.00 ገብቶ ቀሪው 99,250.00 ይሆናል። በማግሥቱ 22,400.00 በቼክ ወጥቶ 76,850.00፣ በዚያው ቀን 25.00 የአገልግሎት ክፍያ ተቆርጦ 76,825.00 ይቀራል። ከዚያ በ08/07/2024፣ ማለትም ሐምሌ 1 ቀን፣ አዲሱ በጀት ዓመት ሲጀምር፣ የአንድ ውል ክፍያ 12,500,000.00 ይገባል፤ ቀሪው 12,576,825.00 ነው። ይህ ቁጥር በዚያው ባለ ዘጠኝ ነጥብ ፊደል ሲታተም 432.5 አካባቢ ይጀምራል። ድንበሩ 435 ላይ ከሆነ የመጀመሪያውን አሐዝ መሃል ለመሃል ይቆርጠዋል። በዚህን ጊዜ ከሁለት አንዱ ይሆናል፦ ወይ ቁጥሩ በሙሉ ወጪ ሥር ይገባል፣ ወይ «1» ወጪ ሥር ቀርታ 2,500,000.00 ገቢ ሥር ይቀመጣል። ሌሎቹ ረድፎች ሁሉ ደህና ናቸው። የተበላሸው ዋናው ብር ብቻ ነው፤ ሁልጊዜም የሚበላሸው ትልቁ ነው።

እንዲህ ያለውን እንዴት እንደምንይዘው ልንገራችሁ። የባንክ መግለጫ ከሌላ ሠንጠረዥ የሚለየው እያንዳንዱ ረድፍ ስለራሱ የሚመሰክር መሆኑ ነው፤ የቀደመው ቀሪ፣ ሲደመር ገቢ፣ ሲቀነስ ወጪ፣ ከአሁኑ ቀሪ ጋር እኩል ነው። ወጪ D፣ ገቢ E፣ ቀሪ F ላይ ከሆኑና መነሻው ቀሪ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ከተቀመጠ፣ G3 ላይ ይህን ጽፈን እስከ ታች እንጎትተዋለን፦

```
=ROUND(F2+E3-D3-F3,2)
```

ሁሉም ዜሮ መሆን አለበት። ROUND የገባው ኤክሴል ዐሥርዮሾችን ሲደምር የሚፈጥራት ኢምንት ትርፍ ዜሮ ያልሆነች መስላ እንዳታደናግረን ነው።

ዜሮ ካልሆነ ደግሞ ልዩነቱ ራሱ ወሬኛ ነው። 12,500,000.00 በሙሉ ወደ ወጪ ከተንሸራተተ ልዩነቱ -25,000,000 ይመጣል፣ የብሩ እጥፍ ማለት ነው። እጥፍ የሆነው መደመር የነበረበት በመቀነሱ ነው። ስለዚህ ልዩነቱን ለሁለት ስናካፍለው ረድፉ ላይ ያለው ብር ከመጣ ዓምዱ ተንሸራትቷል። አሉታዊ ከሆነ ገቢ ወጪ ሥር ገብቷል፤ አዎንታዊ ከሆነ በተቃራኒው። ቁጥሩ ተቆርጦ «1» እና 2,500,000.00 ከሆነ ልዩነቱ -10,000,001 ይሆናል። እንዲህ ያለ ጅራቱ ላይ አንድ የተንጠለጠለበት ቁጥር ስናይ የድንበር መስመራችን አንድ አሐዝ እንደቆረጠ ወዲያው እናውቃለን። ልዩነቱ እጥፍ ሳይሆን ልክ የአንድ ክፍያ ያህል ከሆነ ደግሞ ረድፍ ጠፍቷል፤ አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው አንዱ ገጽ አልቆ ሌላው የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው።

ይህን ቀመር ከመጎተታችን በፊት የምናጸዳቸው ነገሮች አሉ። ዝርዝሩ በሁለት መስመር የታተመ ከሆነ ሁለተኛው መስመር ቀንም ብርም የሌለው የራሱ ረድፍ ሆኖ ይመጣል። ቀን የሌላቸውን ረድፎች አጣርቶ ጽሑፋቸውን ወደ ላይኛው ረድፍ አዛውሮ መሰረዝ ነው፤ ያለዚያ ባዶው ቀሪ እንደ ዜሮ ተቆጥሮ ቀመሩን ያምሰዋል። ሌላው ቁጥር የመሰለ ጽሑፍ ነው። ሴሉ ውስጥ ያለው 22,400.00 ጽሑፍ ሆኖ ከገባ፣ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ቀመራችን እንደ ቁጥር ይቀበለዋል፤ SUM ግን ምንም ሳይናገር ይዘለዋል። የG ዓምድ ዜሮ ሆኖ የወጪው ድምር ከመግለጫው ግርጌ ድምር አንሶ ሲገኝ ነገሩ ይኸው ነው። ከቁጥሩ ጋር የተጣበቀ የማይታይ ክፍተት ካለ ደግሞ ቀመራችንም #VALUE! ይላል። ሁለቱንም ይህ ያጠራዋል፦

```
=IF(SUBSTITUTE(D3,CHAR(160),"")="",0,VALUE(SUBSTITUTE(D3,CHAR(160),"")))
```

እስከዚህ ድረስ ያልኩት ስለ ብሩ ነው። የቀሪው ምስክርነት ቀኑን አይጠብቅም። ኤክሴል ፋይሉን ሲከፍት የኮምፒውተሩ አቀማመጥ አሜሪካዊ ከሆነ ወርን አስቀድሞ ያነባል። በ06/08/2024፣ ሐምሌ 30፣ የተከፈለ ክፍያ የጁን 8 ይሆናል፤ ጁን 8 ደግሞ ሰኔ 1 ነው። ክፍያው ተመልሶ በተዘጋው በጀት ዓመት ውስጥ ተቀመጠ ማለት ነው፤ የG ዓምድም ዜሮውን እያሳየ ይቀጥላል። ምልክቱ የቀን ዓምዱ ራሱ ላይ ነው፦ ከ12 በላይ የሆኑ ቀናት ወር መሆን ስለማይችሉ ጽሑፍ ሆነው ወደ ግራ ይጠጋሉ፣ የተገለበጡት ወደ ቀኝ። ዓምዱ ለሁለት የተጠጋጋ ሆኖ ካያችሁት ተገልብጧል። በ From PDF የምትሠሩ ከሆነ ፕሮግራሙ በራሱ የሚጨምረውን Changed Type የሚለውን እርምጃ ሰርዙትና የቀኑን አነባበብ ራሳችሁ ምረጡ።

የማጣቀሻ ቁጥርም እንዲሁ። ኤክሴል ከ15 አሐዝ በላይ አይዝም። አሐዝ ብቻ ያለው ባለ 16 አሐዝ ማጣቀሻ ሲገባ የመጨረሻው አሐዝ ዜሮ ይሆናል፤ አንዴ ከጠፋ ሴሉን ወደ ጽሑፍ መቀየር አይመልሰውም። ዓምዱን ገና ፋይሉ ሲገባ ጽሑፍ ማድረግ ያስፈልጋል። የአማርኛ ዝርዝር በቆዩት፣ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፊደል ሶፍትዌሮች የተጻፈ ከሆነ ደግሞ የላቲን ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ይወጣል፤ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠውም ያው ነው። ብሩና ቀኑ ግን ደህና ስለሚሆኑ መግለጫውን አትጣሉት።

ስካን የተደረገ ከሆነ ግን እስካሁን ያወራነው አይሠራም። በመዳፊት አንድ ቃል ለመምረጥ ሞክሩ፤ ካልተመረጠ ገጹ ፎቶ ነው፤ መቀመጫው የሚነገር ፊደል የለውም። ፊደል አንባቢ ፕሮግራም ካነበበው በኋላም 3ን 8 ማድረጉ የተለመደ ነው። ደግነቱ የG ዓምድ ይህንንም ይይዛል፤ ልዩነቱ 5፣ 50 ወይም 500 ሆኖ ሲመጣ የትኛውን አሐዝ ማየት እንዳለብን ያሳየናል።

አንድ ነገር ዝቅ ባለ ድምፅ ልጨምር። ኢንተርኔት ላይ «ፋይልህን ስቀልና በነፃ ቀይር» የሚሉ ገጾች ሞልተዋል። በየቢሮው ሲጣደፉ ስንቱ ሠራተኛ እንደሚጠቀምባቸው ደንበኞች ቢያውቁ ኖሮ መግለጫቸውን ከመላካቸው በፊት ሁለት ጊዜ ያስቡ ነበር። የሰው የባንክ መግለጫ ማን እንደሚያየው ወደማይታወቅ ቦታ መሄድ የለበትም፤ ታቡላም ሆነ ፖፕለር ሥራቸውን የሚጨርሱት እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ ነው።

ደግሞም ከዚህ ሁሉ በፊት ደንበኛውን «ቅርንጫፍህ ሄደህ በኤክሴል ስጡኝ በል» እንለዋለን። አንዳንዴ ይሰጡታል። የሚሰጡት ፋይል ግን ለኅትመት ከተሰናዳው ሪፖርት በቀጥታ የወጣ ከሆነ የተዋሐዱ ሴሎችና በመካከል የገቡ ባዶ ዓምዶች ይኖሩበታል፤ ወጪው አንዱ ገጽ ላይ H ሥር፣ ሌላው ገጽ ላይ J ሥር ሆኖ ይገኛል። በኤክሴል መጣ ብለን አንለፈው፤ Merge & Center የሚለውን አጥፍተን፣ ባዶዎቹን ዓምዶች ሰርዘን፣ ያንኑ የG ቀመር ከመጀመሪያው ረድፍ እስከ መጨረሻው እንጎትትበታለን።